ብሎክ፣ ሚዩት፣ ሪስትሪክት፦ ማን ምን ያያል? (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ትንሽ የሞባይል ጥገና ቤት አለችኝ። ስክሪን እስኪቀየርለት ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ዝም ብሎ አይጠብቅም፤ ጨዋታ ያመጣል። ጨዋታው ዞሮ ዞሮ «አቦ አንዴ እየው እስቲ፣ ይቺ ልጅ ብሎክ አድርጋኝ ነው?» ላይ ይደርሳል። ለአንዱ የመለስኩትን ለሌላው መድገም ሲሰለቸኝ ጻፍኩት። በዋናነት የማወራው ስለ ኢንስታግራም ነው፤ ሦስቱም ቁልፎች ጎን ለጎን ያሉት እዚያ ስለሆነ። ፌስቡክ፣ ዋትስአፕና ቴሌግራም ወደ መጨረሻው አሉ።

ሦስቱ በምን ይለያያሉ?

ሚዩት የሚለውጠው እናንተ የምታዩትን ነው። የዚያ ሰው ፖስት ወይም ስቶሪ ፊታችሁ አይደቀንም፤ በእሱ በኩል ግን ምንም አልተነካም። ሪስትሪክት የሚለውጠው እሱ የጻፈው ነገር የት እንደሚደርስ ነው። እንደ ድሮው ያያችኋል፣ ይጽፋል፣ የጻፈው ግን ሰው ዘንድ አይደርስም። ብሎክ ሁለታችሁንም ይቆርጣል፤ እሱም እናንተን አያይም፣ እናንተም እሱን አታዩም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሚዩትን እንደ ቀላል ብሎክ ሲያስበው ነው። «ሚዩት አደረግኩት፣ ግን አሁንም ኮሜንት ይጽፍብኛል» ብሎ የሚመጣ አለ። ይጽፋል እንጂ፤ የዘጋኸው የራስህን መስኮት ነው።

የምታስቸግረኝ ዘመድ ናት። ብሎክ ባደርጋት ቤተሰብ ውስጥ ነገር ይመጣል። ምን ላድርግ?

ይህን ጥያቄ በደንብ የማውቀው በአንዲት ደንበኛዬ ምክንያት ነው። ሳቢያን ሰፈር ቤቷ ሆና ሽቲና ድሪያ የሚባሉትን የሴት ቀሚሶች በኢንስታግራም ትሸጣለች። የባሏ የአክስት ልጅ ሚስት ደንበኛዬ በለጠፈችው ሁሉ ሥር እየገባች «ይሄ እኮ ታይዋን ግማሽ ዋጋ ነው» ትጽፍባታለች፤ ታይዋን የምትለው እዚሁ ድሬዳዋ ያለውን ገበያ ነው። በቀልድ ይሁን በክፋት አይታወቅም፣ መጨረሻ ላይ የሳቅ ምልክት አለው። ገዢ ግን ቀልዱን አያይም፤ ዋጋውን ነው የሚያየው። አንዷ ደንበኛ ቀብድ ልካ ከጨረሰች በኋላ ኮሜንቱን አይታ «ብሬን መልሺልኝ» አለቻት።

ብሎክ እንዳታደርጋት፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሰርግ አለ፤ እዚያ አንድ ድንኳን ውስጥ ነው የሚቀመጡት። ሚዩት ብታደርጋት የሴትየዋ ፖስት ከፊቷ ይጠፋል እንጂ ኮሜንቱ ከእሷም ከገዢውም አይጠፋም። ለዚህ ዓይነቱ ጣጣ የተሠራው ሪስትሪክት ነው። ኢንስታግራም ያመጣውም እ.ኤ.አ. በ2019 ነው።

አሠራሩ ይህ ነው። የሰውየዋን ፕሮፋይል ክፈቱ፣ ከላይ በቀኝ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ንኩ፣ ከሚወጣው ዝርዝር «Restrict» የሚለውን ምረጡ። አለቀ። ለሌላዋ ሰው ምንም ማሳወቂያ አይሄድም።

ደንበኛዬ ይህን ካደረገች በኋላ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች አዲስ አረንጓዴ ሽቲ ለጠፈች። ሴትየዋ እስከ ማታ አልቆየችም፤ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ጻፈች። በማግስቱ ልጅቷ ስልኳን ይዛ መጣችና ከእኔ ስልክ ጋር ጎን ለጎን አስቀመጥነው። በእሷ ስልክ ላይ ኮሜንቱ ተሸፍኖ ይታያል፤ «See comment» የሚለውን ካልነካች ጽሑፉ አይወጣም። ስትከፍተው ማጽደቅ፣ ማጥፋት ወይም እንዳለ መተው ትችላለች። በእኔ ስልክ ላይ ደግሞ ከፖስቱ ሥር ያ ኮሜንት የለም። በጻፈችው ሴት ስልክ ላይ ግን እንደማንኛውም ኮሜንት ተቀምጧል፣ የሳቅ ምልክቱም ጭምር። ለሻጯ ማሳወቂያ አልመጣም፤ ኮሜንቱን ያገኘችው ፈልጋው ነው።

አንድ ነገር ግን መጀመሪያ አላሰብንበትም ነበር። ሪስትሪክት የሚይዘው ከዚያ በኋላ የሚጻፈውን ነው። የድሮዎቹ ኮሜንቶች እንዳሉ ነበሩ፤ አንድ በአንድ በእጇ ነው ያጠፋቻቸው። ማጽደቅ የሚለውንም በስህተት እንዳትነኩ። ከነካችሁት ያ ኮሜንት ለሁሉም ይወጣል።

ሪስትሪክት ከተደረገች በኋላ ምን ምን ማድረግ ትችላለች?

ፖስታችሁን ታያለች፣ ስቶሪያችሁን ታያለች፣ ላይክ ታደርጋለች፣ ትከተላችኋለች። በዚህ በኩል ምንም አልቀነሰባትም። ስለዚህ የማትፈልጉት እንድትጽፍ ሳይሆን *እንድታይ* ከሆነ ሪስትሪክት አይረዳችሁም። ሰው ይህን ሳያውቅ ሪስትሪክት ያደርግና የልጁን ልደት ፎቶ ተዝናንቶ ይለጥፋል።

የውስጥ መልእክት ከላከች ወደ መደበኛው ኢንቦክስ አይገባም፤ «Message Requests» ውስጥ ይቀመጣል፣ ስልካችሁም አይጮህም። ገብታችሁ ብታነቡት እንኳ ማንበባችሁን አታውቅም። ኦንላይን መሆናችሁንም አታይም። የኔ ደንበኛ በጣም የወደደችው ይህን ነው፤ አንብባ ስልኩን ታስቀምጠዋለች።

ማወቋ ግን ይቀራል?

ከመተግበሪያው አታውቅም። ከሰው ግን ልታውቅ ትችላለች። መንገዱ አንድ ነው፦ በሌላ ሰው ስልክ ወይም በሌላ አካውንት ገብቶ ኮሜንቱን መፈለግ።

የሽቲ ሻጯም ነገር የወጣው እንዲሁ ነው። ሰርጉ ላይ ሴትየዋ «ኮሜንቴን አላየሽውም እንዴ? መልስ የለም» አለቻት፤ «ገበያ በዝቶብኝ» ብላ አለፈችው። ቆየት ብሎ የሴትየዋ ልጅ በራሷ ስልክ ገጹን ስትከፍት የእናቷ ኮሜንት የለም። ተደወለ። የሚገርመው ግን የተባለችው «ሪስትሪክት አደረግሽኝ» አይደለም፤ «ኮሜንቴን አጠፋሽብኝ» ነው። አብዛኛው ሰው ወደዚያ ነው የሚያስበው፣ ወይ ወደ ኔትወርክ። ኔትወርካችን ለስንት ነገር ጥፋት እንደሚሸከም እናንተም ታውቃላችሁ።

ስለዚህ ሰውየዋ የምትጠራጠር ዓይነት ከሆነች አንዳንድ ምንም የሌለበትን ኮሜንት ማጽደቅ ያዋጣል። «ያምራል» ብላ ስትጽፍ ማጽደቅ፣ ስለ ታይዋን ስትጽፍ መተው። ትንሽ ሥራ አለው፣ ግን ዘመድ ነው።

ሚዩት ያደረግኩት ሰው ያውቃል? እኔስ ስቶሪውን ብከፍት?

ሚዩት መደረጉን የሚያውቅበት መንገድ የለም፤ ከሦስቱ በጣም ድብቁ ይህ ነው። በፕሮፋይሉ ላይ «Following» የሚለውን ስትነኩ «Mute» ይመጣል፤ ፖስትና ስቶሪ ለየብቻ ናቸው። ሰው ብዙ ጊዜ ፖስቱን ብቻ ዘግቶ «አልሠራም» ይላል። ሁለቱንም አብሩ።

ስቶሪው ሚዩት ሲደረግ ከላይ ካለው ሰልፍ መጨረሻ ላይ ደብዝዞ ይሄዳል፤ ከሌሎቹ ተከትሎ በራሱ አይከፈትም። ግን እዚያው አለ። ጣታችሁ ሄዶ ከነካው ስማችሁ ካዩት ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ይገባል። ሚዩት ያደረጋችሁትን ሰው ስቶሪ ለማየት የመጀመሪያ መሆን የሚቻል ነገር ነው፤ አንድ ወጣት እንደዚያ ሆኖበት ራሱን ይዞ አይቼዋለሁ።

እሱ እናንተን በተመለከተ ሁሉን ይችላል፦ ኮሜንት ይጽፋል፣ ታግ ያደርጋል፣ መልእክት ይልካል፣ ማሳወቂያውም ይመጣላችኋል። የመልእክቱን ድምፅ ማጥፋት ከፈለጋችሁ ያ ሌላ ሚዩት ነው፤ ቻቱ ውስጥ ገብታችሁ ነው የምታደርጉት። ያም ቢሆን ድምፁን ብቻ ነው የሚያጠፋው። መልእክቱ ኢንቦክስ ውስጥ አለ፣ ከከፈታችሁት ማንበባችሁ ይታያል። ከሪስትሪክት እዚህ ላይ ይለያል።

ሚዩት የሚጠቅመው ሰውየው ጥፋት ሳይኖርበት ሲሰለቻችሁ ነው። በቀን ሃያ ስቶሪ የሚለጥፍ የቆየ ጓደኛ፣ ፍቅረኛውን የተለያት ልጅ፣ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ላይ የጫት ቤት ላይቭ የሚከፍት የሰፈር ልጅ። ለእንዲህ ያለው ብሎክ ይበዛበታል።

ብሎክ ካደረግኩ በኋላ ብፈታው ሁሉም ነገር ይመለሳል?

አይመለስም። ይህን በራሴ ነው የተማርኩት። ከአንድ የልጅነት ጓደኛዬ ጋር በኳስ ተጨቃጭቀን ማታ ብሎክ አደረግኩት፣ ጠዋት ቡና ስጠጣ ቆጨኝና ፈታሁት። እንዳልሆነ ሆኖ የሚቀር መስሎኝ ነበር። ብሎክ ስታደርጉ ግን መከተሉ በሁለቱም በኩል ይቆረጣል። ስትፈቱት በራሱ አይቀጠልም። ልከተለው ስል «እገሌ ሊከተልህ ጀመረ» የሚል ማሳወቂያ ደረሰው፤ በዚያው ነቃብኝ። እስከ ዛሬ «የአንድ ሌሊቱ» ይለኛል።

በተጨማሪም ሰውየው በፖስታችሁ ላይ ያደረገው ላይክና የጻፈው ኮሜንት ብሎክ ስታደርጉ ይነሳል፣ ስትፈቱትም አይመለስም። ብሎክ ላይ እያለ የላከው የውስጥ መልእክትም ከተፈታ በኋላ አይደርሳችሁም። ስለዚህ «ምን ሲል እንደነበር ልይ» ብሎ መፍታት ትርፍ የለውም። የድሮው ቻት ግን ያለበት አለ።

ብሎክ ካደረግኩት ፈጽሞ ሊያየኝ አይችልም ማለት ነው?

በዚያ አካውንት ፕሮፋይላችሁን፣ ፖስታችሁንና ስቶሪያችሁን አያይም። ሁለት ቀዳዳ ግን አለ።

አንደኛው፣ ብሎክ የሚይዘው አካውንትን እንጂ ሰውን አይደለም። ገጻችሁ ለሁሉም ክፍት ከሆነ በወንድሙ ስልክ ገብቶ ያያል። ብሎክ ስታደርጉ ኢንስታግራም ሌሎች ያሉትንና ወደፊት የሚከፍታቸውን አካውንቶችም አብሮ ብሎክ ለማድረግ ምርጫ ይሰጣል፤ እሱን ምረጡ። የራሱን ሌሎች አካውንቶች ይይዛል፤ የወንድሙን ግን አይይዝም። በእውነት የምትሸሹት ሰው ካለ ገጹን ፕራይቬት ማድረግና የሚከተሏችሁን አንድ በአንድ ማየት ነው።

ሁለተኛው፣ በሌላ ሰው ክፍት ገጽ ላይ የምትጽፉት ኮሜንትና የምታደርጉት ላይክ ለእሱ ሊታይ ይችላል። በከተማው የታወቀ ገጽ ላይ ተከራክራችሁ ብሎክ ያደረጋችሁት ሰው ቢያነበው አትገረሙ።

ብሎክ የማይሰጠው ነገር ደግሞ ድብቅነት ነው። ማሳወቂያ አይሄድም፣ ግን የፈለጋችሁ ሰው ስማችሁን ሲያጣው ያውቃል።

እኔን ብሎክ ተደርጌ እንደሆነ እንዴት ላውቅ?

ስሟን ፈልጋት። ካልመጣች፣ ወይም ስሟ መጥቶ ፖስቶቿ ካልታዩህ፣ ገና አትወስን። አካውንቷን ዘግታው ወይም ስሟን ቀይራው ሊሆን ይችላል። በአንድ ሌላ ሰው ስልክ ያንኑ ስም ፈልግ። እዚያ እንደ ልብ ከተገኘች ብሎክ ነህ። እዚያም ከሌለች ነገሩ አንተን አይመለከትም።

ሪስትሪክትን የምታውቀው ቀደም ብዬ በነገርኩህ መንገድ ነው፤ በሌላ ስልክ ኮሜንትህን በመፈለግ። ይህም ቢሆን ማጥፋትን ከሪስትሪክት አይለይልህም፤ በራስህ ስልክ ላይ አሁንም ካለ ግን አልጠፋም ማለት ነው። ሚዩትን ማወቂያ የለም። «ስቶሪዬን ስላላየች ሚዩት አድርጋኛለች» የሚል ብዙ ነው፤ ሥራ ላይ ልትሆንም ትችላለች አቦ።

የሚጽፍብኝ ስድብ ሳይሆን ማስፈራሪያ ከሆነስ?

መጀመሪያ ስክሪንሾት፣ ከዚያ ብሎክ። ብሎክ ስታደርጉ ኮሜንቱ ከፖስታችሁ ላይ ይነሳልና ቅደም ተከተሉ ይወስናል። ስክሪንሾቱ ላይ የአካውንቱ ስም፣ ጽሑፉና ቀኑ አብረው ይታዩ። ከፕሮፋይሉም አንድ አንሱ፤ ስሙን ነገ ሊቀይር ይችላል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒዩተር ሥርዓት ሰውን ማስፈራራትን በወንጀልነት ይዟል፤ ፖሊስ ጋር ስትሄዱ የሚጠየቀው ማስረጃው ነው። ሪስትሪክት እዚህ ላይ አንድ ጥቅም አለው፦ ሰውየው ሳያውቅ መጻፉን ይቀጥላል፣ እናንተ ታነሳላችሁ። ለሕይወት የሚያሰጋ ሲሆን ግን ይህን ብልጠት ተዉት፤ ስክሪንሾቱን ይዛችሁ ሂዱ።

ፌስቡክ ላይም ሪስትሪክት አለ። ያው ነው?

ስሙ ነው እንጂ ያው አይደለም። ፌስቡክ ላይ ጓደኛችሁን «Restricted» ዝርዝር ውስጥ ስታስገቡ ጓደኝነቱ ይቀጥላል፤ ለጓደኞች ብቻ የለጠፋችሁትን ግን አያይም። የሚያየው ለሁሉም ክፍት ያደረጋችሁትንና እሱን ታግ ያደረጋችሁበትን ነው። ማለትም የኢንስታግራሙ የሚጽፈውን ይይዛል፣ የፌስቡኩ የሚያየውን።

ወጥመዱ እዚህ ነው። ነጋዴ ሰው ፖስቱ ሁሉ ለሁሉም ክፍት ነው። ያን ጊዜ ይህ ዝርዝር ምንም አይሠራላችሁም፤ ሰውየው ያያል፣ ኮሜንቱም ለሁሉም ይታያል። ሜሴንጀር ውስጥ ያለው «Restrict» ደግሞ ወደ ኢንስታግራሙ ይቀርባል፦ መልእክቱ ከዋናው ዝርዝር ይወጣል፣ ማንበባችሁንና ኦንላይን መሆናችሁን አያውቅም።

በፌስቡክ የሚዩት ቦታ የያዘው «Unfollow» ነው፤ ጓደኝነት ሳይቋረጥ ፖስቱ ይቀራል። ለጊዜው ብቻ ከሆነ ለ30 ቀን የሚያሳርፍ «Snooze» አለ። የፌስቡክ ብሎክ ደግሞ ጓደኝነትን ያቋርጣል። ከፈታችሁት በኋላ ያንኑ ሰው መልሳችሁ ብሎክ ለማድረግ 48 ሰዓት መጠበቅ አለባችሁ። ለማየት ብቻ ብለው የሚፈቱ ሰዎች ሁለት ቀን ተጋልጠው ይቀመጣሉ።

ዋትስአፕና ቴሌግራምስ?

ሁለቱም ላይ በሁለት ሰው መካከል የኢንስታግራም ዓይነት ሪስትሪክት የለም፤ ሚዩትና ብሎክ ናቸው። ሚዩት ድምፁን ያጠፋል፣ ሌላው ሰው አያውቅም፣ መልእክቱ ይገባል።

ዋትስአፕ ላይ ብሎክ ከተደረጋችሁ የላካችሁት አንድ ምልክት ላይ ይቆማል፣ የመጨረሻ ሰዓቱንና ኦንላይን መሆኑን አታዩም፣ ጥሪ አይገባም። እያንዳንዱ ለብቻው ማስረጃ አይሆንም፤ ስልኩ የጠፋ ሰውም አንድ ምልክት ነው የሚያሳየው። ሰው የሚረሳው የጋራ ግሩፑን ነው። የዕድሩ ወይም የሰርጉ ግሩፕ ውስጥ ሁለታችሁም ካላችሁ ብሎክ እዚያ አይሠራም፤ እሱ የጻፈውን ታነባላችሁ፣ የጻፋችሁትን ያነባል።

ቴሌግራም ብሎክ የተደረገን ሰው «last seen a long time ago» የሚል ያሳየዋል። ግን ይህ ጽሑፍ ለረጅም ጊዜ ባልገባ ሰው ላይም ይመጣል። ብሎክ ሳታደርጉ ሰውን ከዓይን ለማራቅ ደግሞ ቻቱን ሚዩት አድርጋችሁ አርካይቭ ውስጥ ክተቱት። ሚዩት ካላደረጋችሁት አዲስ መልእክት ሲመጣ ከአርካይቭ ተመልሶ ይወጣል፤ ሚዩት ከሆነ እዚያው ይቀራል።

የሽቲ ሻጯ ነገር በምን አለቀ?

አላለቀም። ሴትየዋ አሁንም ሪስትሪክት ላይ ናት፣ አሁንም ትጽፋለች። ባለፈው መጥታ ስልኳን ስትሰጠኝ ተሸፍነው የተቀመጡ ኮሜንቶች ነበሩ። አንዱን ከፈተችው። «ይቺን ስንት ነው? ለልጄ ፈልጌ ነበር» ይላል። አጸደቀችው፣ ዋጋውንም ጻፈችላት። ከታይዋኑ ትንሽ ዝቅ አድርጋ።